ጥያቄው ልመና አይደለም

ባለፈው ሐሙስ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አሁን የአንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት የሒሳብ ኃላፊ ናት። ቢሮ ውስጥ ያሉት እንዳይሰሟት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህር፣ አንዱ የበጀት መስመር ላይ ገንዘብ አልቆብናል፣ ሌላው ላይ ደግሞ ተርፏል። ለዶነሩ ብንነግረው ይከፋብን ይሆን? ሰዎች ዝም ብላችሁ በደረሰኝ አስተካክሉት እያሉን ነው» አለችኝ።

እኔም ተናደድኩ። በእሷ አይደለም። ቆጥራ ያገኘችውን እውነት እንደ ወንጀል በሹክሹክታ እንድትናገር ባደረጋት ነገር ነው። በስልክ የነገርኳትን እዚህ በሰፊው ልጻፈው፤ ብዙዎቻችሁ በዚሁ ሥራ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ከለጋሽ የመጣን ገንዘብ ከአንድ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ለማዛወር ፈቃድ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ የጥፋት ኑዛዜም አይደለም። በውሉ ውስጥ የተጻፈ መብትና ግዴታ ነው። ይህን ጥያቄ የሚያስፈራ ያደረጉት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ጥያቄው ሲደርሰው ሳምንታት ዝም የሚል ለጋሽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛ ነን፤ ውል ስንፈርም እጃችንን አስረን፣ ኋላ ላይ «በታላቅ ትሕትና» እያልን የምናለቅስ። እኔ ሁለተኛውን በራሴ እጅ ሠርቼዋለሁና በእሱ ልጀምር።

ቢሯችን መካኒሳ አቦ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ። በወሩ 5 መንገዱ በነጠላ ለባሽ ሲሞላ ስብሰባ እንኳ በሰዓቱ አይጀመርም። በ2016 መጨረሻ አንድ የ18 ወር ፕሮጀክት ጀመርን። ለ60 ሴቶች የልብስ ስፌት ሥልጠና ነው፤ በሁለት ዙር፣ በየዙሩ 30 ሰው፣ እያንዳንዱ ዙር 60 የሥልጠና ቀን። ለጋሹን አልጠራውም። ጠቅላላው 60,000 ዶላር ነበር፤ ለደመወዝ 18,000፣ ለሥልጠና ዕቃና ለአሠልጣኝ 16,000፣ ለማሽን 12,000፣ ለሠልጣኞች ምሳና ትራንስፖርት 6,000፣ ለአስተዳደር 8,000። አምስት መስመር ማለት ነው።

የምሳና የትራንስፖርቷን መስመር ያሰላሁት እኔ ነኝ። ለአንዲት ሠልጣኝ በቀን 95 ብር፤ 55ቱ ለምሳ፣ 40ው ለታክሲ። በ60 ሰውና በ60 ቀን ሲባዛ 342,000 ብር ይመጣል። ዶላሩ ያኔ በባንክ 57 ብር ግድም ስለነበር ልክ 6,000 ዶላር። ሳንቲም እንኳ ትርፍ የለውም። እንዴት ያለ ንጹሕ ስሌት ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር!

የመጀመሪያው ክፍያ፣ 24,000 ዶላር፣ በሰኔ 2016 ገባና በ57 ተመነዘረ። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ዶላር ሲወደድ እናንተ የዶላር በጀት ያላችሁ ተጠቀማችሁ» ይሉናል። በከፊል እውነት ነው፤ ግን እኛ ያንን ዶላር ቀድመን መንዝረነዋል። ለጋሹ ሪፖርት የሚቀበለው ገንዘቡ በተመነዘረበት ተመን ነው። በመስከረም 2017 አንድ ሳህን ምሳ ስንገዛ ገበያው በአዲሱ ዶላር ዋጋ ያስከፍለናል፣ መዝገባችን ግን ያንኑ ብር በ57 አካፍሎ ከመስመሯ ይቀንሳል። ዋጋው አዲስ፣ ተመኑ አሮጌ። ከሁለት ወገን የሚበላ ቢላ ነው።

የመጀመሪያው ዙር መስከረም 13 ተጀመረ። ምሳ የምታቀርብልን ሴት ዋጋ ጨመረች፤ አልፈረድኩባትም፣ ዘይትና ሽንኩርት እኔም እገዛለሁ። ከጀሞና ከለቡ የሚመጡት ሠልጣኞች ታክሲም ጨመረባቸው። 95 የነበረው በቀን 170 ብር ሆነ። 30 ሰው፣ 60 ቀን፣ 306,000 ብር። በ57 ሲካፈል 5,368 ዶላር። ለሁለት ዙር የተያዘው 6,000 በአንድ ዙር ሊያልቅ ደርሶ፣ ለቀሩት 30 ሴቶች 632 ዶላር ብቻ ቀረ።

አሁን ሌላውን መስመር ተመልከቱ። የሦስት ሠራተኛ ደመወዝ በወር 57,000 ብር ነው። ከሰኔ እስከ ታህሳስ ያለው 7 ወር ከመጀመሪያው ክፍያ ስለተከፈለ 7,000 ዶላር ወሰደ። ሁለተኛው ክፍያ ታህሳስ 8 ቀን 2017 ሲገባ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሆኗል፤ ለስሌት እንዲቀል 120 እንበለው። የቀሩት 11 ወራት ደመወዝ 627,000 ብር ነው፣ በአዲሱ ተመን 5,225 ዶላር። ድምሩ 12,225። ከ18,000ው ላይ 5,775 ዶላር ተንሳፎ ቀረ ማለት ነው።

ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላባከነም። በአንዱ መስመር ጎደለ፣ በሌላው ተረፈ፣ ምክንያቱም አንድ ነው። ለሁለተኛው ዙር ምሳና ትራንስፖርት በ120 ተመን 2,550 ዶላር ያስፈልጋል፤ ያለን 632 ነው፤ 2,000 ቢዛወር ነገሩ ያልቃል። ሌላም ትንሽ ነገር ነበረች። በመጀመሪያው ዙር ሕፃን ይዘው የመጡ እናቶች ስፌቱን ትተው ልጅ ሲያባብሉ ነው የዋሉት። ለሦስት ወር ሕፃናቱን የምትይዝ አንዲት ሴት በወር በ8,000 ብር ብንቀጥር 24,000 ብር፣ ማለትም 200 ዶላር። በድምሩ 2,200 ዶላር ይዛወርልን ብለን ታህሳስ 15 ደብዳቤ ጻፍን። ሁለተኛው ዙር የሚጀመረው ጥር 19 ነው። ውሉ ከ30 ቀን በፊት ጠይቁ ይላል፣ እኛ 34 ቀን ቀድመን ጠየቅን።

ታህሳስ 15 ለፈረንጆቹ የገና ዋዜማ መሆኑን ያስታወስኩት «ቢሮ የለሁም» የሚለው አውቶማቲክ መልስ ሲመጣልኝ ነው። ይኼ የእኔ ጅልነት ነው፣ ለጋሹ ላይ አልጭነውም።

ደብዳቤውም ጥሩ አልነበረም። ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና፣ ሁለተኛው ስለ አገሪቱ የኑሮ ውድነት፣ 2,200 የምትለዋ ቁጥር ሦስተኛው ገጽ መሃል ላይ ተደብቃለች። ተመኑ ከ57 ወደ 120 መሄዱን በሰንጠረዥ አላሳየሁም፤ «የታወቀ ነው» ብዬ። ለማን ነው የታወቀው? ሌላ አገር ተቀምጣ የሃያ ድርጅት ፋይል የምታይ የፕሮግራም ኃላፊ መካኒሳ ስንት እንደሚመነዘር ከየት ታውቃለች? ጥር ሲጋመስ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ደመወዝ ለምን ተረፈ? ሠራተኛ ለቀቀ ወይ?» የሚል ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለት መስመር ቁጥር ቀድሜ ብጽፍ ኖሮ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለምሳ ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ የሚል። አመጣን። ሦስተኛው ግን ዛሬም ያበግነኛል። «ሕፃናት መያዝ ከፕሮጀክቱ ዓላማ ጋር እንዴት ይገናኛል?» 2,000 ዶላሩ በአንድ ዙር ጥያቄ አለፈ። 200 ዶላሯ በበጀቱ ውስጥ ያልነበረች አዲስ መስመር ስለሆነች ብቻ ሁለት ስብሰባና አራት ኢሜይል ፈጀች። ከትልቁ ገንዘብ ይልቅ አዲሱ ስም ነው የሚያስደነግጣቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ነባር መስመርን ማስፋት ቀላል ነው፣ አዲስ መስመር መክፈት ግን መጠኗ ምንም ያህል ትሁን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ትፈልጋለች።

ጥር 19 ደረሰ፣ መልስ የለም። በእጃችን ያለው 632 ዶላርና ውሉ ያለፈቃድ የሚፈቅዳት የመስመሯ 10 በመቶ፣ ማለትም 600 ዶላር ነው። በብር 147,840። ለ30 ሴት በ170 ሂሳብ ብንከፍል 29 ቀን ያስኬዳል፣ ለ60ው ቀን ብናብቃቃው ደግሞ ለአንዷ በቀን 82 ብር። ቦርዱ ማብቃቃትን መረጠ፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። የታክሲውን እንስጥ፣ ምሳውን ሻይ በዳቦ እናድርገው ተባለ። ጥንቃቄ መስሎን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከ30ው 21 ቀሩ። ቤታቸው ሩቅ የሆነውና ልጅ የሚያጠቡት ናቸው ቀድመው የቀሩት።

ፈቃዱ የካቲት 10 መጣ፣ ሁለቱም ጥያቄ ተፈቅዶ። በጠየቅን በ55ኛው ቀን። ከቀሩት 9 ሴቶች 4ቱ ተመለሱ፣ 5ቱ አልተመለሱም። ዛሬ ብጠየቅ 29ኙን ቀን ሙሉ ከፍለን እንጀምር፣ መልሱ በመንገድ ላይ ይመጣል እላለሁ። ያኔ ግን አላልኩም።

በእነዚያ ሳምንታት የተማሪዬን ምክር የመሰለ ምክር ለእኔም መጣልኝ። በዚህ ሥራ ብዙ የቆየ ወዳጄ ቡና እያጠጣኝ፣ «የሥልጠና ዕቃ መስመር ላይ ገንዘብ አለህ አይደል? የጨርቅ ደረሰኝ አሠራና ምሳውን ብላበት፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ለእነዚያ ሴቶች አዝኖ ነው።

እንቢ ያልኩት ከእሱ ስለምሻል አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ቤት፣ አድርጌዋለሁ። የመኪና ኪራይ ጎደለብን። 31 ሰው የተገኘበትን ሥልጠና 38 ብለን የ7 ሰው አበል ለኪራዩ አዋልነው። ማንም ኪሱ አላስገባም። ኦዲተሩ ግን የፊርማ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አድርጎ ሲያየው 7ቱ ፊርማዎች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ዘንበል ያሉ ናቸው። ከዚያ የምሳውን ደረሰኝ ጠየቀ፤ 31 ሳህን ይላል። አለቀ። መኪናውን በትክክል መከራየታችንን ማንም ሊሰማን አልፈለገም። የዋሸ ሰው እውነቱም አይታመንለትም። በጊዜው አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጻፍ ኖሮ ጉዳዩ የኪራይ ዋጋ መጨመር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለጋሾች ይህን ስሙኝ (የምታነቡም አላችሁ፣ አውቃለሁ)። 55 ቀን ዝም ስትሉ ገንዘባችሁን እየጠበቃችሁ አይደለም። እያንዳንዱ የዝምታ ሳምንት አንድን ሐቀኛ የሒሳብ ሠራተኛ ወደዚያ የጨርቅ ደረሰኝ አንድ እርምጃ ይገፋዋል። «ቀድማችሁ ጠይቁ፣ 30 ቀን» የሚል አንቀጽ ከጻፋችሁ፣ «እኛም በ30 ቀን እንመልሳለን፣ ካልመለስን እንደተፈቀደ ይቆጠር» የሚል አንቀጽ አብራችሁ ጻፉ። ግዴታው ለምን በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል?

ደግሞ ይህን ያህል ጥብቅነት ከየት መጣ? ከትልልቆቹ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ዕርዳታ ደንብ መሥሪያ ቤቶቹ በመስመሮች መካከል የሚደረግን ዝውውር መገደብ የሚችሉት የዝውውሩ ድምር ከጠቅላላው በጀት 10 በመቶ ሲያልፍ ነው ይላል፤ ያውም ለትልልቅ ዕርዳታዎች። ከጠቅላላው! በእኛ ቁጥር 6,000 ዶላር ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዕርዳታ ውል ደግሞ በዋና ዋና የበጀት ርዕሶች መካከል እስከ 25 በመቶ ድረስ ያለ ውል ማሻሻያ፣ በማሳወቅ ብቻ፣ እንዲዛወር ይፈቅዳል፤ የተወሰኑ ርዕሶችን ሳይጨምር። እኛ ግን ከመስመሯ 10 በመቶ፣ 600 ዶላር። ሁለቱም ወረቀት ላይ «10 በመቶ» ነው የሚለው። ልዩነቱ ያለው «ከምኑ?» የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ፣ ከሁሉም የሚቆጨኝ እሱ ነው። ምሳና ትራንስፖርትን ለብቻ መስመር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ዝርዝር በጀት ታማኝ ያስመስላል ብዬ ነው። ከሥልጠናው መስመር ጋር በአንድ ላይ «የሥልጠና ወጪ፣ 22,000 ዶላር» ብዬ ጽፌው ቢሆን፣ ዝርዝሩንም በማብራሪያው ውስጥ ባስቀምጥ፣ በዚያው ጥብቅ ውል እንኳ 10 በመቶው 2,200 ይሆን ነበር። 2,000ውን ማንንም ሳልጠይቅ፣ በሪፖርት ብቻ አሳውቄ ማዛወር እችል ነበር። የምጠይቃት 200 ዶላሯን ብቻ ነበረች። 5 ሴቶች የቀሩት አንድ መስመር ለሁለት በመከፈሉ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ተማሪዎቼ ይኼን ያዙ። በጀት ስታዘጋጁ መስመሮቹ ጥቂትና ሰፊ ይሁኑ፣ ዝርዝሩ ከሥር ይግባ። የመቶኛው መሠረት መስመሩ ይሁን ጠቅላላው፣ ሳትፈርሙ ጠይቁ። በየወሩ እያንዳንዱን መስመር በብርም በዶላርም አስሉት። እኔ በኅዳር ባሰላ ኖሮ ጉድለቱን በኅዳር አየው ነበር፣ ከገና ዋዜማ በፊት። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፤ ከየትኛው መስመር፣ ወደ የትኛው፣ ስንት፣ ለምን፣ ተመኑ ስንት ነበር ስንት ሆነ። የማይለወጠውንም ጻፉ፤ ጠቅላላ ድምሩ፣ የሠልጣኙ ቁጥር፣ የማብቂያው ቀን። መጨረሻ ላይ መልስ የምትፈልጉበትን ቀንና በዚያ ቀን ካልመጣ የሚሆነውን በቁጥር አስፍሩ። «ምሳ ወደ ሻይ በዳቦ ይወርዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሦስት ገጽ ትሕትና ይበልጣል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የተረፈውን ወደ አስተዳደር መስመር ለማዛወር ከሆነ የለጋሹ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የመሳሰሉትን እዚያው ይቆጥራል። ለጋሽ እሺ ቢል እንኳ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ አልልም ይላል። ሒሳባችሁን በሁለቱም ዓይን አይታችሁ ጠይቁ።

አስተያየት መስጫው ላይ «ታዲያ የቀረው 3,575 ዶላርስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። 5,775 ተርፎ 2,200 ብቻ ጠይቀን ምን ሆነ?

እሱን ለመጠየቅ ፈራን። ሦስቱ ሠራተኞቻችን፣ አንዷ ከማንም ቀድማ በር የምትከፍተው ናት፣ በ57 ዘመን የተጻፈ ደመወዛቸውን እስከ ፕሮጀክቱ ማብቂያ እየተቀበሉ ጨረሱ። ገንዘቡ እዚያው በራሳቸው መስመር ላይ ነበር። ለእሱ የመስመር ዝውውር እንኳ አያስፈልገውም፣ የደመወዝ ልኩን ማስፈቀድ ብቻ ነው። በቀሩት 11 ወራት 40 በመቶ ብንጨምርላቸው 2,090 ዶላር ነው፣ መስመሩ ውስጥ በደንብ ይገባል። ግን «ደመወዝ» የሚል ቃል ለጋሽ ፊት ማንሳት ነውር መስሎን፣ በዚያ ላይ በዚያው ጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ ጎረቤት ድርጅቶች በአንድ ሳምንት ሲዘጉ እያየን፣ ለጋሻችን አሜሪካዊ ባይሆንም፣ ድምፃችንን አጠፋን። ለሕፃን ጠባቂ 200 ዶላር የተሟገትን ሰዎች ለራሳችን ባልደረቦች አንድ መስመር አልጻፍንም።

ፕሮጀክቱ ኅዳር 2018 አለቀ። ዶላሩ ከ120ውም በላይ ስለሄደ ከደመወዝ መስመር የተረፈው ካሰላሁት በልጦ ተገኘ። ከመጨረሻው ክፍያ ላይ ተቀነሰ። ለጋሹ «ስለ ቁጠባችሁ እናመሰግናለን» የሚል ኢሜይል ላከልን። አትሜ ለበር ከፋቿ ሳሳያት አነበበችና፣ «ማን ነው የቆጠበው?» ብላ መለሰችልኝ።

ተማሪዬ ደብዳቤዋን ትናንት ማታ ላከችልኝ። ሁለት ገጽ ነበር፣ የምስጋናውን ገጽ አስወጣኋት። ደመወዙንም አስገቢው ብያታለሁ።